ለአንድ ልጅ የማይከፈተው ብልቃጥ

የኩፍኝ ክትባት የሚመጣው ለአሥር ልጅ በአንድ ብልቃጥ ነው። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ዱቄት ነው። ማሟሟያው ውሃ ከገባበት በኋላ ስድስት ሰዓት ብቻ ይቆያል፤ ከዚያ የተረፈው ይደፋል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ንዴቴ ከየት እንደሚነሣ እንዲታወቅልኝ ነው። ስናደድ ነገር ከመሃል እጀምራለሁ ይሉኛል።

ነርስ ነኝ። ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ባለች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ የክትባት ክፍሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። በክፍሉ አንድ ልማድ ነበር፤ እኔ ስመጣ ነበር ያገኘሁት። ከአምስት ልጅ በታች ከመጣ የኩፍኝ ብልቃጥ አይከፈትም። ማን እንዳለው ብጠይቅ የሚያውቅ የለም። መመሪያው እንኳ ለአንድ ልጅም ክፈቱ ይላል፤ አንብቤዋለሁ። ግን መመሪያው መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው፣ ብክነት የሚቆጣጠሩት ሰዎች ደግሞ በየወሩ መጥተው ፊታችን ይቆማሉ። መሳቢያ አይቆጣም፤ ሰው ይቆጣል። እኔም እንደ ሌላው አንገቴን ደፍቼ ልማዱን ያዝኩ።

ሴትዮዋ መጀመሪያ የመጣችው ልጇ ሰባት ወር ሳይሞላት ነው። ከታች፣ ከቆላው አፋፍ፣ ሦስት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ነበር። ከወንዙ ማዶ ኩፍኝ ገብቷል ሲባል ሰምታ ነው። ልጅቱ አንቀልባ ውስጥ ሆና የእናቷን ነጠላ ጫፍ ታኝካለች፤ ሁለት የታች ጥርስ አውጥታለች።

"አሁን ብወጋት አይጠቅማትም" አልኳት። "በሆድሽ ሳለች በእንግዴ ልጁ በኩል ከደምሽ መከላከያ ወስዳለች። ያ መከላከያ ገና ከደሟ ተሟጦ ላይወጣ ይችላል። ክትባቱ ሲገባ እንደ በሽታ ቆጥሮ ያመክነዋል። ዘጠኝ ወር ሲሞላት ያንቺው ያልቃል፣ ያኔ የኛው ይገባላታል።"

"ሲስተር፣ ጡት እኮ ትጠባለች። እንገሩንም አልደፋሁባትም። አማቴ 'ድፊው፣ ሆዷን ያማታል' ብትለኝ እምቢ ብዬ ነው ያጠባኋት።"

"ደግ አድርገሻል። ወተትሽ አፏን፣ ጉሮሮዋንና አንጀቷን ይጠብቅላታል፤ ከተቅማጥ ያድናታል። ወደ ደሟ ግን አይገባም። ኩፍኝን እሱ ብቻውን አይመልሰውም።"

"ጥጃስ? እንገር ያልጠባ ጥጃ መች ይተርፋል?"

ደስ አለኝ። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል። ጥጃ ላም ሆድ ሳለ ምንም እንደማይሰጠው፣ ሁሉንም ከእንገሩ እንደሚቀበል፣ በመጀመሪያው ቀን አንጀቱ ተከፍቶ ወደ ደሙ እንደሚያሳልፍለት ነገርኳት። የሰው ልጅ ግን ዋናውን የደም ስንቁን የሚሸከመው በሆድ ሳለ ነው፤ አብዛኛውንም በመጨረሻዎቹ ሳምንታት።

ልጅቱን ከጀርባዋ ወደ ጭኗ አዞረቻት።

"የመጨረሻውን ሳምንት ይቺ የት አግኝታው? ወር ቀርቷት እኮ ነው የወለድኳት።"

በልጅነቷ ኩፍኝ አውጥታ እንደሆነ ጠየቅኋት። አላወጣችም፤ ትምህርት ቤት ሳለች ተወግታለች። በሽታውን ራሱን ያሳለፈች እናት ለልጇ ብዙ ታወርሳለች፤ በመርፌ የተከላከለች ደግሞ ያነሰ። የዚች ልጅ ስንቅ ከመነሻው ትንሽ ነበር፤ ከሌሎች ልጆች ቀድሞ የሚያልቅ። ይህን ያን ቀን፣ እዚያው፣ ቁጭ ብዬ አወቅሁ። ሳላውቅ ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እንቅልፌ ይሻል ነበር።

"ዘጠኝ ወር በሞላት ቀን ነይ" ብዬ ሸኘኋት።

በሞላት ቀን መጣች። አንድም ቀን አላሳለፈችም። ያን ቀን ለኩፍኝ የመጣች ልጅ እሷ ብቻ ነበረች። ብልቃጡ ከሳጥኑ ውስጥ በበረዶ ተከቦ ተቀምጧል፣ እጄ ሊደርስበት የክንድ ርቀት ነው የቀረው። "ልጆች ሲሰበሰቡ" አልኳት። እንዲህ ያልኳት እኔ ነኝ። አፌ ነው የተናገረው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳ መጣች። ሁለት ልጆች ሆኑ። ሁለተኛዋ እናት ቤቷ ቅርብ ስለሆነ ተነሥታ ሄደች። ይቺ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አግዳሚው ላይ ጠበቀች። አለቃችንን ሄጄ ጠየቅሁት። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚፈራ ሰው ነው። "ስምንቱን ደፍተሽ ምን ብዬ ሪፖርት ላድርግ?" አለኝ። ተመልሼ ያንኑ ቃል ነገርኳት። "እሺ እቴ" ብላ ተነሣች። ሦስት ሰዓት መጥታ፣ ሦስት ሰዓት ልትመለስ።

ያን "እሺ" ሳስበው እስካሁን ደሜ ይፈላል። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስተኛው ጊዜ፣ ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት፣ የገበያ ቀን ነበር። አሁንም ብቻዋን ናት። አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ።

"ስንት ልጅ ነው የሚያስፈልግሽ?"

"አምስት።"

ወጥታ ሄደች። ተቀይማ የሄደች መስሎኝ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ በራሴ አፈርኩ። እሷ ግን ገበያ ነበር የወረደችው። ልጇን እንዳዘለች በባቄላውና በገብሱ መደዳ፣ በቅቤው ተራ፣ በሸማው ተራ እየዞረች አንቀልባ የያዘችውን ሁሉ "ልጅሽ ስንት ወሯ ነው? ኩፍኝ ተወግታለች?" ስትል መዋሏን በኋላ የነገረችኝ ከእነዚያው እናቶች አንዷ ናት። አንዷን እህሏን ሰው እንዲጠብቅላት አድርጋ ነው ያመጣቻት። አንዷ የነጋዴ ሚስት፣ ሱቋን ዘግታ ሻርፗን አጣፍታ ከልጇ ጋር መጣች። አንዷ ከጃናሞራ በኩል የመጣች ናት፣ ልጇ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖት አንድ ክትባት እንኳ አያውቅም። ስምንት ሰዓት ሲሆን በክፍሌ በር ላይ አሥር ልጆች ተሰበሰቡ። አሥር! አንድ ብልቃጥ ልክ።

ከፈትኩት። የመጀመሪያዋን የሷን ልጅ ወጋኋት። ግራ ክንዷ ላይ። አለቀሰች፣ ጡት ስታገኝ ዝም አለች።

ከአራት ቀን በኋላ ልጅቱ ተኮሰች። ዓይኗ ቀላ፣ አሳላት። በሰባተኛው ቀን ከጆሮዋ ጀርባ ጀምሮ ሽፍታው ወጣባት። መንደሩ "መርፌው ነው ያመጣባት" አለ። ሰው ሁሉ ነርስ ሆነ። መርፌው እንዳልሆነ አስረዳሁ፤ ክትባቱ የሚያስከትለው ትኩሳት ቢመጣ እንኳ ከሳምንት በፊት አይመጣም። ኩፍኝ ደግሞ ከያዘ በኋላ ለመታየት አሥር ቀን ያህል ይፈልጋል። ቀኑን ወደኋላ ቆጠርኩ። በሽታው የገባባት ከመርፌው አምስት ስድስት ቀን ቀድሞ ነው፤ አጠገባቸው ያለ ቤት ልጅ ታሞ ነበር። ለክትባት ሁለተኛ በመጣችበት ቀን፣ ያን እስከ ዘጠኝ ሰዓት በጠበቀችበት ቀን ወግቻት ቢሆን ኖሮ በሽታው ሲመጣ ክትባቱ ቀድሞ ሥራውን ጀምሮ ነበር። ዘጠኝ ወር በሞላት ቀን ቢሆንማ ጨርሶ ነበር። ሁሉም ልጅ በዘጠኝ ወሩ ተወግቶ ይድናል አልልም፤ አብዛኛው ግን ይድናል። ያን ዕድል ነው የነሣኋት።

እግዜር በሰው ልጅ ጥበቃ ውስጥ ክፍተት ትቷል፤ የእናቱ ሲያልቅ የራሱ ሳይጀምር። ስለዚያ እግዜርን አልከሰውም። ከዚያ ክፍተት ላይ ሌላ ወር የቀጠልንበት ግን እኛ ነን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኛ ስምንት ጠብታ ልናድን ብለን ነው።

ቫይታሚን ኤ ሰጠናት። በሽታው ሳንባዋ ላይ ሲበረታ ይዣት ደባርቅ ሆስፒታል ሄድኩ፤ እዚያ ያሉት የሚቻላቸውን ሁሉ አደረጉ። በሦስተኛው ቀን ዐረፈች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ከዚያ በኋላ መኪና መጣ፣ ድምፅ ማጉያ መጣ፣ ዘመቻ ተባለ። ወረርሽኝ ሲገባ ዕድሜው ዝቅ ስለሚል ከስድስት ወር ጀምሮ ያለ ልጅ ሁሉ ተወጋ። ማንም ብልቃጥ አልቆጠረም። የወሩ ስብሰባ ላይም አለቃችን ቆሞ ሪፖርት አነበበ። የገበያውን ቀን በስም ጠርቶ አመሰገነ፤ አንድ ብልቃጥ ተከፈተ፣ አሥር ልጅ ተከተበ፣ ብክነት የለም። ሰዎች አጨበጨቡልኝ። ልነሣና ጠረጴዛውን ልገለብጥ ነበር። አልገለበጥኩም። ደብተሬን አንሥቼ ወጣሁ፣ ከወጣሁ በኋላ ከአጥሩ ጥግ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

በማግስቱ ሦስቱን ሰዓት በእግሬ ወረድኩ። መንገዱ አቀበት ቁልቁለት ነው። ይህን መንገድ ልጅ አዝላ ነው አራት ጊዜ የተመላለሰችው።

በሩ ላይ አገኘኋት። ጡቷ ሞልቶ ነጠላዋን አርሶታል፤ ገና አልደረቀላትም። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አስቀመጠችኝ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ሌላ ነገር ነው።

"እነዚያ ልጆች እንዴት ናቸው? ከገበያ ያመጣኋቸው?"

"ደኅና ናቸው። ሁሉም።"

"የጃናሞራዪቱም?"

"የሷም።"

"ተመስገን" አለች። ቆይታ ደግሞ፣ "ያን ቀን፣ ብቻችንን የነበርን ቀን፣ ብትከፍቺው ዘጠኙ ይደፋ ነበር?"

"አዎ።"

"ቢደፋስ ማን ያለቅስለት ነበር?"



አሁን ለአንድ ልጅ እከፍታለሁ። አለቃዬ ተቆጥቶኛል፣ ተቆጣጣሪው ደብዳቤ አጽፎብኛል፤ ይጻፍ። የወሩ ቅጽ ላይ ብክነት በሚለው ረድፍ ዘጠኝ ብዬ እሞላለሁ። ከጎኑ ምክንያት የሚል ክፍት ቦታ አለ፤ ቀደም ሲል ባዶ ነበር የምተወው። አሁን ግን "አንድ ልጅ መጥታ ነበር" ብዬ እጽፍበታለሁ።