ከአናቱ የተቆረጠው ማርክ ሊስት

ወይዘሮ ለተሥላሴ ሰቆጣ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሪከርድ ክፍል ሠራተኛ ናቸው። ሥራው ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ቆይተዋል፤ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቀርቷቸዋል። የተማሩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት ሲናገሩ ድምፃቸው ስለሚጠፋ፣ ለመምህራን የሚሉት ነገር ሲኖራቸው በቁራጭ ወረቀት ጽፈው በየመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ያኖራሉ። መምህራኑም ለምደውታል። «ዛሬ ደግሞ የወይዘሮ ለተሥላሴ ደብዳቤ ለማን ደረሰ?» ይባባላሉ።

ልጃቸው ምሕረት ወደ ሳዑዲ ከሄደች አራት ዓመት ሆኗታል። ከደወለች ሁለት ዓመት አልፏል። መጀመሪያ ላይ አልቅሰዋል፣ ተስለዋል፣ ወደዚያ የሄዱ ሰዎችን ሁሉ ጠይቀዋል። ከጊዜ በኋላ ግን ደረታቸው ውስጥ የሆነ ነገር ቀጥ አለ። ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፣ ሥራ ይገባሉ። አብራቸው የምትኖረው የምሕረት ልጅ እታገኝ ናት፤ ዘጠነኛ ክፍል ትማራለች።

ሰኔ ሊያልቅ አካባቢ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የሒሳብ መምህሩ ደግሰው የዘጠነኛ ሐ ማርክ ሊስት ይዞ ገባ። ከኒሯቅ በዚያው ዓመት የተዛወረ፣ ቀጭን፣ ቶሎ የሚስቅ ወጣት ነው።

«እማማ፣ ጨርሻለሁ። ሮስተሩ ላይ መገልበጥ ብቻ ነው የቀረዎት» አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ዝናቡ አበላሸብህ?»

«ወረቀቱን በሸሚዜ ውስጥ ይዤ ነው የመጣሁት። እኔ ነኝ የተበላሸሁት» ብሎ እየሳቀ ወጣ።

ወይዘሮ ለተሥላሴ ውጤት ሲገለብጡ ዝም ብለው አይገለብጡም። በማስመሪያ አንዱን ረድፍ ከሌላው ይለያሉ፤ ከዚያ ቁጥሮቹን በኽምጣና በሹክሹክታ እየቆጠሩ ድምሩን ያረጋግጣሉ። አማርኛ የሚጽፉበት ቋንቋ ነው፤ የሚቆጥሩት ግን በእናታቸው ቋንቋ ነው።

ስድሳ አንድ ተማሪ ነበር። ድምሩ ሁሉ ልክ ነው፤ ለአምስት ተካፍሎ የወጣውም ልክ ነው። አርባ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ግን ማስመሪያቸው ቆመ። ይታየሽ የምትባል ከፃግብጂ የመጣች ልጅ ናት፤ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ ትማራለች። አጨዳ ይዟት ሁለት ወር ዘግይታ እንደተመዘገበች ያስታውሳሉ፤ ቅጹን የሞሉላት እሳቸው ናቸው። የክፍል ፈተና 40፣ የቤት ሥራ 30፣ የቡድን ሥራ 30፣ የአጋማሽ ፈተና 50፣ የማጠቃለያ ፈተና 62። ሁሉም ከመቶ። አማካይ 42.4። በቀይ «ወድቃለች» ተብሎ ተጽፏል።

በማጠቃለያው ከክፍሉ ስድሳን ያለፉት ስምንት ብቻ ናቸው። እንዴት ትወድቃለች?

መሳቢያቸውን ከፈቱ። ከታች፣ በፌስታል የተጠቀለለ፣ ከጦርነቱ የተረፈ አንድ የቆየ ማርክ ሊስት አለ። በዚያ ጊዜ ሌላው ወረቀት ሁሉ ተቃጥሎ ስለነበር፣ ዛሬ መምህራኑ የሚሞሉት ከዚሁ ፎቶ ኮፒ የተነሣ ነው። ጎን ለጎን አኖሯቸው። ኮፒው ከአናቱ አንድ ጣት ያህል ተቆርጧል። በቆየው ላይ ከየዓምዱ በላይ ትንንሽ ቁጥሮች አሉ፤ 10፣ 10፣ 10፣ 20፣ 50። እነዚህ ዓምዶቹ ከመቶው የያዙት ድርሻ ናቸው። በኮፒው ላይ የቀረው «ከመቶ» የሚለው ቃል ብቻ ነው። የቆዩት መምህራን ድርሻውን በቃላቸው ያውቁታል። ደግሰው ግን አዲስ ነው፤ አምስቱን ዓምድ እኩል አድርጎ ደምሮ ለአምስት አካፍሏል።

በእርሳስ ሠሩት። ይታየሽ 51 ሆነች። አልፋለች።

ከዚያ ከአንደኛው ረድፍ ጀምረው ሁሉንም አዲስ ሠሩ። አሥራ አራተኛው ላይ ሲደርሱ ስሙን ሳያዩ ቁጥሩን ጻፉ፤ ከዚያ ስሙን አዩት። እታገኝ። ደግሰው 62.8 የሰጣት፣ በየድርሻው ስሌት 49 ሆነች።

እንደገና ሠሩት። 49።

በፊዚክስና በእንግሊዝኛ ወድቃለች፤ ያንን ያውቃሉ። በትምህርት ቤቱ ደንብ አጠቃላይ አማካዩ ሃምሳ የሞላ ተማሪ በሁለት ትምህርት ቢወድቅም ያልፋል፤ በሦስት የወደቀ ይደግማል። ሒሳብ ሦስተኛዋ ሆነች። ወይዘሮ ለተሥላሴ ልባቸው እንዲመታ ጠበቁ፤ አልመታም። ዝናቡን ሰሙ። እርሳሱን ቀረጹ።

ማታ እታገኝ ሽሮ ስታወጣ፣ «እምዬ፣ የሒሳብ ደረሰሽ?» አለች።

«ደርሷል።»

«ስንት ነኝ?»

«ካርድ ሲሰጥ ታዪዋለሽ።»

«አቤት! የሪከርድ ክፍል የልጅ ልጅ መሆን ምን ይጠቅማል እንግዲህ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቁማ፣ «ብቻ ካለፍኩ እማራለሁ። ከደገምኩ ግን ነገርኩሽ። ከጓደኛዬ ከትግስት ጋር አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ሰው ቤት ሥራ አለ ብላኛለች። ከልጆች ጋር ዘጠነኛን ስደግም አልገኝም» አለች።

«ነግረሽኛል» አሉ ወይዘሮ ለተሥላሴ። ሽሮው ጨው በዝቶበት ነበር፤ ጨርሰው በሉት።

ማርክ ሊስቱን ያየ ሌላ ሰው አልነበረም። እንዳለ ቢገለብጡት ማንም አይጠይቅም፤ መስከረም ይመጣል፣ እታገኝ አሥረኛ ትገባለች፣ ይታየሽም ሒሳብ ሦስተኛ ውድቀቷ ሆኖ ወደ ፃግብጂ ትመለሳለች። ይህንን እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ አድርገው አሰቡት። ጠዋት ቢሮ ገብተው በሩን ዘጉና ደብዳቤውን ጻፉ።

«ለመምህር ደግሰው፣

ጤና ይስጥልኝ። ድምርህ ሁሉ ልክ ነው፤ የተሳተው ከወረቀቱ ነው። ኮፒው ከአናቱ ስለተቆረጠ የዓምዶቹ ድርሻ አልታየህም። ዋናውን አያይዤልሃለሁ።

የክፍል ፈተና፣ የቤት ሥራና የቡድን ሥራ እያንዳንዳቸው ከመቶው አሥር ይይዛሉ። አጋማሽ ሃያ፣ ማጠቃለያ ሃምሳ። አምስት ሰዎች ማር ቢቀላቅሉ፣ ሦስቱ አንድ አንድ ኪሎ፣ አራተኛው ሁለት ኪሎ፣ አምስተኛው አምስት ኪሎ ቢያመጡ፣ የቅልቅሉ ጣዕም ወደ አምስት ኪሎው ያደላል። የአንተ ስሌት ግን ሁሉም እኩል እንዳመጡ ቆጥሮታል።

ስለዚህ ከመቶ የተገኘውን በየድርሻው አብዝተህ ለመቶ ታካፍላለህ፤ ከዚያ ትደምራለህ። ድርሻዎቹ ራሳቸው መቶ ስለሚሞሉ፣ ከድምሩ በኋላ ለአምስት አይካፈልም። ለምሳሌ ይታየሽ፤ ከ40 4፣ ከ30 3፣ ከ30 3፣ ከአጋማሹ 50 ላይ 10፣ ከማጠቃለያው 62 ላይ 31 ታገኛለች። ድምሩ 51 ነው። አልፋለች።

እታገኝ፤ ከ60 6፣ ከ90 9፣ ከ90 9፣ ከ40 8፣ ከ34 17። ድምሩ 49 ነው። ወድቃለች።

የሁሉንም በእርሳስ ሠርቻለሁ። ወድቀው የነበሩ አራት ልጆች ያልፋሉ፣ አልፈው የነበሩ ሦስት ይወድቃሉ። አንተም ደግመህ ሥራው፤ እኔ ልሳሳት እችላለሁ። እታገኝ የልጄ ልጅ መሆኗን ታውቃለህ። የጻፍኩት ስሕተቱን ስላወቅኩ ነው።

ለተሥላሴ፣ ከሪከርድ ክፍል።»

ደግሰው ከሰዓት በኋላ ደብዳቤውን ይዞ መጣ። አልሳቀም። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

«እማማ፣ ሦስቴ ሠራሁት። ልክ ነዎት። አፈርኩ።»

«አትፈር። ወረቀቱ ነው።»

«የእታገኝ ግን...» አንገቱን አከከ። «የቤት ሥራዋን ዘጠናውን መቶ ባደርገው፣ ከአሥሩ አሥር ታገኛለች። አንድ ነጥብ ብቻ ናት። ሃምሳ ይሞላል። ማን ያውቃል?»

ወይዘሮ ለተሥላሴ ማስመሪያቸውን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስተካከሉት።

«የቤት ሥራውን እኔም አብሬያት ነበርኩ። ያቺን አንዷን ጥያቄ የሳትነው ሁለታችን ነን።»

«እንግዲያው ግማሹ ስሕተት የእርስዎ ነው!» አለ፣ ሊያስቃቸው ፈልጎ።

«የእኔ ነው። አርባ ሰባት ላመጣውስ ምን ታደርግለታለህ? አርባ ስድስትስ ላመጣችው? የእነሱ አያት እዚህ አይሠሩም።»

ደግሰው እስክሪብቶውን አወጣ። ማርክ ሊስቱን አዲስ ጻፈው፤ ከአናቱም ቁጥሮቹን በጉልህ አሰፈረ። 10፣ 10፣ 10፣ 20፣ 50።

ካርድ የተሰጠ ዕለት እታገኝ ቤት ቀድማ ደርሳ ነበር። ካርዱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«መምህር ደግሰው ሁሉንም አስረዳኝ» አለች። «አንቺ ነሽ ያገኘሽው አለኝ።»

«እኔ ነኝ።»

«ማን አለፈ በሱ?»

«አራት ልጆች። ይታየሽ አንዷ ናት።»

እታገኝ ካርዱን አጠፈችው። ይታየሽ ከኋላዋ ነበር የምትቀመጠው፤ መጽሐፍ ስላልነበራት አንዳንዴ ታውሳት ነበር። «በማጠቃለያው ጎበዝ ነበረች» አለች። ተነሥታ ቦርሳዋን ከምስማሩ አወረደች። ወይዘሮ ለተሥላሴ እያዩ ነበር። ሊያስቀሯት ይገባ ነበር፣ እሳቸው ግን ልብሷን አጣጥፈው ሰጧት። ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኟት፤ ዳቦና አንድ ጠርሙስ ማር አስያዟት። አውቶቡሱ ሲነሣ እጃቸውን አነሡ። እጁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

መስከረም ምዝገባ ተጀመረ። ይታየሽ አሥረኛ ክፍል ተመዘገበች፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ያዟት። በዘጠነኛ ክፍል ደጋሚዎች ዝርዝር ላይ የእታገኝን ስም ጻፉ፤ ምዝገባው ሲዘጋ ደግሞ ከፊቱ «አልቀረበችም» ብለው ሞሉ።

ጥቅምት ላይ ስልኩ ጠራ።

«እምዬ፣ እኔ ነኝ። አለሁ። የምሠራላት ሴትዮ ደኅና ናት። እዚህ የማታ ትምህርት አለ፤ ማስረጃ አምጪ አሉኝ። የዘጠነኛ ውጤቴን ትልኪልኛለሽ?»

«እልካለሁ።»

«ሃምሳ አድርጊልኝ ብልሽስ?»

«አላደርገውም።»

«አውቃለሁ» አለች እታገኝ፤ ሳቋ በስልኩ ውስጥ ተሰማ። «እንዲያው ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።»

ወይዘሮ ለተሥላሴ ባዶ የማስረጃ ቅጽ አወጡ። ማስመሪያውን አኖሩና የትምህርቶቹን ስም አንድ በአንድ ጻፉ። ሒሳብ ላይ ሲደርሱ በኽምጣና ቆጠሩ፤ ስድስት፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ አሥራ ሰባት። 49 ብለው ጻፉ፣ ማኅተሙን መቱ። እንዳይጨማለቅ እፍ እያሉ ቀለሙ እስኪደርቅ ብዙ ቆዩ።