አቻን ስለ ተቃጠለው ፓምፕ የተናገረችው

ለቡድን መሪነቱ ቦታ የቃል ፈተና ሊደረግ አራት ቀን ሲቀረው አቻን ፍርሃት ያዛት። በትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ የውሃ ቴክኒሻን ሆና ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ ሥራው አያስፈራትም። ያስፈራት ቀድመዋት የተፈተኑ ባልደረቦቿ የነገሯት አንድ ጥያቄ ነው፤ «ከሥራ ባልደረባሽ ጋር በቴክኒክ ውሳኔ ያልተስማማሽበትን ጊዜ ንገሪን» ይላሉ አሏት። እሷ ያላት እንዲህ ያለ ታሪክ አንድ ብቻ ነው፤ የእሷና የረታ።

ረታ ከደጋ የመጣ መካኒክ ነው። ሰው ጀሪካን ይዞ ተሰልፎ ሲያይ አንጀቱ አይችልም። ባለፈው ጥር አዳዲስ ስደተኞች ገብተው የቦኖው ሰልፍ ሲረዝም፣ የመጠለያው የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ተለቅ ያለ ፓምፕ እናስገባ አለ። የጉድጓዱ የፍተሻ ወረቀት ለትልቅ ፓምፕ የሚበቃ ውሃ አለው ይላል። አቻን ግን ፍተሻው የተደረገው ክረምቱ እንዳበቃ መሆኑን ታውቃለች፤ በበጋ ውሃው ዝቅ እንደሚል በየወሩ ገመድ እያወረደች ለክታለች። ውሃ ሲጎድል ፓምፑን የሚያጠፋው መቆጣጠሪያም ገና አልደረሰም ነበር። «እሱ እስኪመጣ እንቆይ» አለች። ረታ «ሕዝቡ እስከዚያ ምን ይጠጣ?» አላት። ብዕሩን ተቀበለችው። ሁለቱም ፈርመው ፓምፑን አስገቡት።

ሚያዝያ ላይ ውሃው ከፓምፑ አፍ በታች ወረደ፤ ሞተሩ በደረቁ ሲሽከረከር ተቃጠለ። አምስት ቀን ውሃ በቦቴ መጣ፤ አልበቃም። ኛኪየር የሚባሉ አሮጊት ወንዝ ወርደው ሲቀዱ አዳልጧቸው ክንዳቸው ተሰበረ።

አቻን መልሷን ታላቅ እህቷ ዶርቃ ፊት ተለማመደች። ዶርቃ አስተማሪ ናት፤ አንገቷን ደፍታ ሰማቻት።

«ረታን ዘጠኝ ጊዜ ጠራሽው፤ ራስሽን አንድ ጊዜ» አለቻት።

«እና ልዋሽ? አይሆንም ብዬ ነበር።»

«አትዋሺ። እንዴት ነበር አይሆንም ያልሽው?»

አቻን ከረታ ጋር የተከራከሩበትን ቀን አስታወሰች። የለካችበት ደብተር ያን ቀን ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ረታ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ተከፋችና ሳታወጣው ቀረች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

የፈተናው ቀን ጋምቤላ ከተማ ባለው ቢሮ፣ ኃላፊዋ ወይዘሮ ወርቅነሽና መሐንዲሱ ልዑልቃል ፊት ተቀመጠች። ጥያቄው እንደተባለው መጣ።

«ሁለታችንም ያሰብነው ለሕዝቡ ነው» ብላ ጀመረች። አማርኛዋ ሲጨንቃት ይሰባበራል፤ ቀስ አለች። «ባልደረባዬ ሰልፉን አየ፤ እውነት ነበር። እኔ የበጋውን ውሃ አየሁ፤ እሱም እውነት ነበር። ግን የለካሁትን ቁጥር ጠረጴዛ ላይ አላወጣሁም፤ በአፌ ብቻ ተናገርኩ። ውሃው ስንት ሜትር ሲወርድ ፓምፑን እንደምናቆምም ሳንስማማ ፈረምን።»

ልዑልቃል ብዕሩን አስቀመጠ። «በግልጽ እንነጋገር። ጥፋቱ የእሱ ነበር ማለት ነው?»

ልቧ አዎ በይ አላት። የኛኪየር ክንድ ፊቷ ድቅን አለባት።

«ከእሱ ጋር የወሰንኩት እኔም ነኝ» አለች። «አሁን በየሳምንቱ እንለካለን። ከፓምፑ በላይ ያለው ውሃ አምስት ሜትር ሲቀረው ቫልቩን እናጠባለን፤ ሦስት ሲደርስ እናጠፋለን። ቁጥሩን አብረን ነው የጻፍነው።»

ወይዘሮ ወርቅነሽ «ይበቃል፣ እናመሰግናለን» አሉ እንጂ ፊታቸው ምንም አይናገርም።

በሳምንቱ ውጤቱ ተለጠፈ። ቦታውን ያገኘው ከሌላ መጠለያ የመጣ ሰው ነው፤ አቻን ተጠባባቂ ተባለች። መልሷን የሰማች አንዷ ባልደረባዋ «በረታ ብታሳብቢ ኖሮ ያንቺ ነበር» አለቻት። ይሁን አይሁን አቻን አታውቅም፤ ቃሉ ግን ውስጧ ቀረ።

ማግስቱን ረታ ጄኔሬተሩ ዘንድ አገኛት። ከሚያዝያ ወዲህ ከሥራ ወሬ በቀር አያወራም።

«ስለኔ ምን አልሽ?»

አንድም ሳታስቀር ነገረችው፤ የደብተሩንም።

ረታ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ደብተሩን ብታሳዪኝም ኖሮ ምናልባት አልሰማሽም ነበር» አለ። «እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።»

«እኔንም» አለች።

ይቅር አልተባባሉም፤ ይቅር የሚባለው የቱ እንደሆነ ሁለቱም አልለዩትም። ረታ እጁን በጨርቅ ጠረገና ዛሬ ስንት እንደለካች ጠየቃት። ነገረችው። ከፓምፑ በላይ ያለው ውሃ ካለፈው ሳምንት ዝቅ ብሏል።