ሰረዙ ተመልሶ መጣ

የቡድን መሪው ኢሜይል ሲደርሳት ፕሮግራመሯ በረጅሙ ተነፈሰች። «ከዛሬ ጀምሮ በቫሪያብል ስሞች ውስጥ ቃላትን የምንለየው በትልቅ ፊደል ሳይሆን በስር ሰረዝ (_) ነው። ዋናው ኮድ ተቀይሯል። ከዋናው ገንጥላችሁ የምትሠሩበት ያላለቀ ብራንች ያላችሁ መጀመሪያ የስም መቀየሪያውን ስክሪፕት ብራንቻችሁ ላይ አስኪዱ፤ ከዚያ ዋናውን ኮድ አዋህዱበት፤ ቴስቱ ካለፈ ላኩ።»

አምና ሰረዙን ከየስሙ ልቀሙና በትልቅ ፊደል ለዩ ብሎ ቁም ስቅላቸውን ያሳያቸው ይኸው ሰውዬ ነው። ያን ጊዜ ዓይኗ ሊጠፋ ነበር።

ከምሳ በፊት ክፍሉ በእሮሮ ተሞላ። ኢሜይሉን እስከ መጨረሻው ሳያነቡ ያዋሃዱት ሁሉ የእነሱና የዋናው ኮድ ስሞች አልገጥም ብለው በየመስመሩ ግጭት ወጣባቸው። የእሷ አንድ የቆየ ብራንች ግን ኮሽ ሳይል ተዋሃደ።

መሪው ጠረጴዛዋ ድረስ መጣ። «እንዴት አደረግሽው እቴ? ስክሪፕቱን አስኬድሽ?»

«ኧረ እኔ እቴ! ሰረዙ ሳይጠፋ በፊት የተጻፈ ነው። ስሞቹ ዞረው ዞረው እሱ ጋ መጡ እንጂ እሱስ ካለበት አልተነቃነቀም።»

«አምና ሁሉም ሲቀየር ይሄ እንዴት ቀረ?»

«‹አይቼ እስካጸድቀው እንዳትነኪው› ብለኸኝ ነዋ» አለችው ፊቷን ከስክሪኑ ሳታነሳ። «ይኸው እየጠበቅኩህ ነው።»