«ማቆም እችላለሁ?»

ያ አሥራ ሰባት ገጽ የስምምነት ሰነድ የሲስተርን ዕድሜ በላው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሆስፒታሉ የምርምር ክፍል፣ ለአዲስ የደም ግፊት ክኒን ሙከራ ሰው የምታስፈርመው እሷ ናት። አንዱ ዓረፍተ ነገር ገጹን አጋምሶ ይሄዳል፤ መጨረሻው ሲደረስ መነሻው ተረስቷል። ደግሞ ሰዎቹ! «ገባዎት?» ስትላቸው «አዎ ልጄ፣ አንቺ ካልሽ» ብለው ይፈርማሉ። እሷ ምን አለችና? አነበበች እንጂ።

ደከማት። «እንደ ሰው ወግ እንጻፈው» ብትል ዋናው ሐኪም ሳቀባት። «ሁሉም ፈርመዋል እኮ፤ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።» እሷ ግን አልተወችውም። ቆራረጠችና በጥያቄ በጥያቄ ከፋፈለችው። ለምን ጠራችሁኝ? ምን ይሰጠኛል? ምን ሊጎዳኝ ይችላል? ማቆም እችላለሁ?

የምርምር ሰነዶችን የሚያጸድቀው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ግን ረቂቋን መለሰባት። «አዲሱን ክኒን እንሰጥዎታለን» ብላ ጽፋ ኖሯል። «ማሳጠር ሌላ፣ ማባበል ሌላ» አሏት። አንጀቷ አረረ፤ ግን እውነታቸውን ነበር። እንደገና ጻፈችው፦ «የሚወስዱት የግፊት መድኃኒት አይቀየርም። በተጨማሪ ወይ አዲሱ ክኒን፣ ወይ መልኩ ተመሳሳይ ሆኖ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ይደርስዎታል። በዕጣ ነው፤ የትኛው እንደ ደረሰዎት እርስዎም እኛም አናውቅም።» ኮሚቴው አጸደቀላት፤ ቀድመው የፈረሙትም አዲሱን ሰምተው እንደገና ይወስኑ አለ።

መጀመሪያ የመጡት አንድ ጡረተኛ ዘበኛ ናቸው፤ ቀጠሮ አሳልፈው የማያውቁ ሰው። ሩቅ ከተማ ያለችው ልጃቸው ወልዳ አልጋ ይዛ ቀርታለች።

«ልጅዎ እንዴት ሆነች፣ አባባ?»

«ያው ናት። ይህን ቀጠሮ ጥዬ የት ልሂድ ብለሽ ነው?»

ሲስተር እንደ ተራ ወሬ ሰምታ አለፈችው። ክፍል በክፍል አነበበችላቸው፤ «ማቆም እችላለሁ?» ላይ ስትደርስም «እስቲ አሁን የገባዎትን በራስዎ አፍ ይንገሩኝ» አለቻቸው።

ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡ። «ልቅር ብል የግፊት መድኃኒቴን አትከለክሉኝም?» አሉ።

«አንከለክልም። ምክንያትም አንጠይቅዎትም።»

«ድሮም እንዲህ ነበር?»

«ድሮም።»

«ወረቀቱ ላይ ነበረ?»

ነበረ። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ፣ «መብቱ የተጠበቀ ሲሆን» ከሚለው ሐረግ ሥር ተቀብሮ። እሷው ራሷ አንብባላቸዋለች።

«ልጄ ‹አባዬ፣ ና› እያለች ስታለቅስ ከረመች» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «እኔ ደግሞ ብቀር ይቆጡኛል፣ ካርዴን ይዘጉብኛል ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ታዲያ ያኔ እንዲህ ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

 

ሽማግሌው የሙከራውን ክኒን ብልቃጥ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡላት። አልፈረሙም። እጅጌያቸውን አስጠቅልላ ግፊታቸውን ለካች፤ የዘወትር መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ ደጋግማ ነገረቻቸው። ኮፍያቸውን አንስተው አውቶቡስ ተራው በየት በኩል እንደሚቀርብ ጠየቋት።