ከጠረጴዛው በላይ ስልሳ ሳንቲሜትር

ቦዲል ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሸማኔ ነበረች። ሸማኔ ስላችሁ መወርወሪያ በእጁ የሚያመላልሰው እንዳይመስላችሁ፤ በፈረንጅ አገር፣ ሄርኒንግ በምትባል ከተማ፣ አጠገብሽ ያለችው ጮኻ ብትሞት በማይሰማበት የማሽን አዳራሽ ውስጥ ነው የሠራችው። እዚያ ሴቶቹ የሚያወሩት በከንፈር ብቻ ነበር። ሐሜቱ፣ ቀልዱ፣ ስድቡ፣ ሁሉም ያለ ድምፅ ይሄዳል። ማሽኑ ጆሮዋን ቀስ በቀስ በላው። ጡረታ ስትወጣ ሰው የሚላትን የምትሰማው በዐይኗ ነበር።

ይህን ለማን ነገረች? ለማንም! ኩራት በሉት፣ እልህ በሉት፣ ልጆቿ እንኳ አያውቁም። «እማ ትንሽ ጆሮዋ ከበድ ይላል» ከማለት አልፈው አልሄዱም።

የረዳት መብራቱ ነበር። በድሮው ቤቷ፣ እንደ አገሩ ሁሉ ልማድ፣ ከምግብ ጠረጴዛው በላይ ዝቅ ብሎ የሚንጠለጠል መብራት ነበራት። አምፖሉ በመብራቱ ጥልቅ ቆብ ውስጥ ይደበቃል፤ ብርሃኑ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ይወርድና ተመልሶ የተቀመጡትን ፊት ከታች ያበራዋል። የሰው አፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እንግዳ በልቶ ወደ ሶፋው ልሂድ ሲል «ምን አስቸኮለህ? ቁጭ በል!» እያለች የምትይዘው ለዚህ ነበር።

ባሏ ሞቶ ወደ ትንሹ አፓርታማ ስትገባ መብራቱን የሰቀለላት ልጇ ትሮልስ ነው። አሁን ሰው ሆኖ ጠረጴዛው ሳይገባ የጠረጴዛ መብራት ይሰቅላል? እሱ ሰቀለ። በባዶው ክፍል መሐል ቆመ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሰው ነው፣ ግንባሩን እንዳይመታው ለካና የተረፈውን ገመድ ጣሪያው ላይ ጠቀለለው። ጠረጴዛው በማግስቱ መጣ፤ መብራቱ ግን እዚያው ሰማይ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ቦዲል ስትቀመጥ አምፖሉ ዐይኗ ውስጥ ይገባል። የልጆቿ ፊት ከላይ ብቻ ስለሚበራ አፋቸው ጥላ ሆነ። ስለ ዝናብ ሲጠይቋት ስለ ድንች ትመልሳለች። ቀስ በቀስ ዝም አለች። ልጆቹም ፈሩ፤ እናታችን አእምሮዋን እየሳተች ነው አሉ። ቦዲልም ፈራች፤ ከቤቴ ሊያወጡኝ ነው ብላ።

አንድ እሑድ እራት ላይ ስጋውን እያቀረበች ድንገት «ትሮልስ፣ ያንን መብራት አውርድልኝ» አለች።

«እማዬ፣ ጭንቅላቴን ይፈነክተኛል እኮ!»

«ቆመህ ነው እንዴ የምትበላው? ከስሩ ጠረጴዛ አለ፤ ማን ያልፍበታል?»

ሴት ልጇ ጊተ ሳቀች። ትሮልስ እያጉረመረመ መብራቱን አጠፋው፣ መሰላል ላይ ወጥቶ ገመዱን ፈታ። መጀመሪያ አብዝቶ ለቀቀው፤ ቆቡ በቦዲልና በጊተ መሐል ገብቶ የጊተን ፊት እንዳለ ሸፈነው።

«ልጄን የት አደረስካት? ከፍ አድርግ! ትንሽ... ትንሽ... በቃ፣ እዚያ ጋ እሰረው።»

ቆቡ ከጠረጴዛው ስልሳ ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቆመ። ሲበራ አምፖሉ አይታይም። ቦዲል ቀና ስትል ማዶ የጊተ ከንፈር ብርሃን ላይ ነው። እሰይ! ልቧ ሞቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቤት ውስጥ ሰዎች አሏት።

ጊተም ወደ ወንድሟ ዞር ሳትል፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለትሮልስ ተናገረች፦ «ማክሰኞ እማን ጠይቃ የምታይ ሴትዮ ከማዘጋጃ ቤት ትመጣለች። የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ቦታ ተገኝቷል። ዛሬ አትንገራት፤ ብትነግራትም አይገባትም።»

ቦዲል ሹካዋን አስቀመጠች።

«ይገባኛል» አለች። «ማክሰኞ ስትመጣ ራሴ በሩን እከፍትላታለሁ። እዚህ ወንበር ላይ አስቀምጣታለሁ፣ የጠየቀችኝን ሁሉ እመልስላታለሁ።»

ጊተ ክው አለች። «እማ... ሰማሽኝ?»

«አልሰማሁም። ዓመታት አለፉ ከሰማሁሽ። አየሁሽ እንጂ።» ጣቷን ወደ ገዛ ከንፈሯ ወሰደች። «ጆሮዬን ፋብሪካው ነው የበላው። ማፈሬ ደግሞ የኔ ጥፋት ነው፤ መናገር ነበረብኝ።»

ማንም አልበላም። ጊተ ፊቷን በእጇ ልትሸፍን ስትል እናትየው «እጅሽን አንሺ፣ እንዴት ላይሽ?» አለቻት። ጊተ እጇን አነሳች፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ነበር።

ትሮልስ መሰላሉን እንደያዘ ቆሞ ነበር። መጥቶ ከመብራቱ ስር ተቀመጠና፣ ያለ አንዳች ድምፅ፣ በከንፈሩ ብቻ «ይቅርታ እማዬ» አለ።

«በድምፅህ በለው» አለችው ቦዲል። «እኅትህም ትስማው።»