በኦጆማ ሲቪ ላይ ያለው ፓምፕ

ኦጆማ ሲቪዋን ለማስተካከል ብትቀመጥም መቀመጥ አልቻለችም። አንድ መስመር ትጽፍና ትነሳለች። መስኮቱን ትከፍታለች፤ የሎኮጃ ከተማ ሙቀት ከውጭም ከውስጥም አንድ ስለሆነ መልሳ ትዘጋዋለች። አልጋው ላይ በሆዷ ተኝታ ስልኳን የምትነካካው የአክስቷ ልጅ ኡኔኩ በመጨረሻ ታክቷት፣

«ወይ ጻፊ፣ ወይ ተኚ። እኔ ከዶሮ ጋር አይደለም ክፍል የተከራየሁት» አለቻት።

ኦጆማ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የምታመለክትበት የባሕር ማዶ የትምህርት ዕድል ሠላሳ ዓመት የሞላውን አይቀበልም። ባለፉት ዓመታት ሞክራ አልተሳካላትም፤ የአሁኑ የመጨረሻዋ ነው። አባቷ ኢዳ ላይ በኒጀር ወንዝ መረብ ይጥላል፤ እናቷ ዓሣ አጭሳ ትሸጣለች። ከቤቱ ዩኒቨርሲቲ የገባችው እሷ ብቻ ናት። ጂኦሎጂ ተምራ በጥሩ ውጤት ወጣች። አሁን ግን በአንድ የግል ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ታስተምራለች። ልጆቹ ይወዷታል፤ እሷ ግን ሰሌዳው ላይ የወንዝ መልክ በሳለች ቁጥር ሌላ ቦታ መሆን የሚገባት ይመስላታል።

ረቡዕ ዕለት ሲቪዋን ይዛ የመመረቂያ ጽሑፏን ወዳማከሯት ወደ ዶክተር ኢዳቻባ ሄደች። ከድጋፍ ደብዳቤዎቿ አንዱን የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ዶክተሩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉና ቀይ እስክሪብቶ አነሱ።

«ሃይማኖት፣ የትውልድ ክልል፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ቁመት» እያሉ ሰረዙ። «ቁመትሽን ምን ያደርጉታል? ወታደር ሊቀጥሩሽ ነው?»

«ለሥራ ሳመለክት የጻፍኩት ነው፣ ዶክተር።»

«የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ይውጣ። ከሁለት ገጽ አይበልጥም ብለዋል። ውጤትሽን 4.31 ብለሽ ትተሽዋል። ከስንት? እዚያ አገር ከአራት የሚቆጥሩ አሉ፤ ያበደች ነው የሚመስላቸው። ከአምስት 4.31 በይ። ማዕረጉንም ከጎኑ ጻፊ።» ቀጥለው ወደ ምርምር ፍላጎቷ ወረዱ። የከርሰ ምድር ውሃ፣ የአየር ንብረት ለውጥ፣ ማዕድን፣ የሳተላይት ካርታ፣ የአካባቢ ብክለት ይላል። «ይሄ የገበያ ቅርጫት ነው። ሁሉንም የምትፈልግ ተማሪ ምን እንደምትፈልግ አታውቅም።»

ኦጆማ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ መልሳ አስጠጋችው።

ዶክተሩ የመሪነትና የአገልግሎት ክፍል ጋ ሲደርሱ ግን ፊታቸው ፈታ አለ። ምሩቃን ሁሉ ለአንድ ዓመት አገር የሚያገለግሉበት ብሔራዊ አገልግሎት ላይ ኦጆማ የተመደበችው ከኦጎጃ ወዲያ ባለ መንደር ነበር። እዚያ ገንዘብ አሰባስባ በትምህርት ቤቱ ግቢ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍራ የእጅ ፓምፕ አስተከለች። የክልሉን ሽልማትም አገኘችበት። ሲቪው ላይ «ለሦስት ሺህ ሰው ንጹሕ ውሃ ያቀረበ ፕሮጀክት መርቻለሁ» ይላል።

«በአንድ የእጅ ፓምፕ ሦስት ሺህ ሰው?»

«የመንደሩ ሕዝብ ቁጥር ነው፣ ዶክተር።»

«አንድ ፓምፕ በደህና ጊዜ ሁለት መቶ ሃምሳ፣ ሦስት መቶ ሰው ነው የሚያጠጣው። አንባቢዎቹ መሐንዲሶች ናቸው። አስተካክዪው። ይህ ክፍል ነው የሚያሳልፍሽ፤ ውጤት ያለው ተማሪ መዓት ነው፣ ሽልማት ያለው ግን ጥቂት። ለዚህኛው ሥራ ምስክር የሚሆን ሰው ስምና ስልክ ጨምሪበት። ይደውላሉ። ሰውየውንም አስቀድመሽ አሳውቂው፤ ድንገት ሲደወልበት ማን ናት እንዳይል።»

የምታውቀው ሰው የመንደሩ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ኦዴይ ነበሩ። ሐሙስ ከክፍል ወጥታ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት አጥር ሥር ቆማ ደወለችላቸው። ድምፃቸው አላረጀም።

«ኮርፐር! ልጄ! የኛ ኮርፐር!» አሉ። እዚያ አካባቢ አገልግሎት ላይ ያለ ምሩቅ መጠሪያው ይህ ነው፤ ዓመቱ ቢያልቅም ስሙ አይለቅም። «አግብተሻል?»

«ገና ነኝ፣ መምህር።»

«ምን እየጠበቅሽ ነው? የኛ ልጆች ሁሉ አንቺን ጠይቀው ጠይቀው ሌላ አገቡ።»

ሳቀች። ስለ ትምህርት ዕድሉ ነገረቻቸው፤ ስለ ፓምፑ ሊጠይቋቸው እንደሚችሉም።

«ፓምፑ... ደህና ነው» አሉ።

«ውሃው እንዴት ነው?»

«ልጄ፣ ቢደውሉልኝ ይፈሳል እላቸዋለሁ። እንደ ወንዝ ይፈሳል እላለሁ። ለአንቺማ!»

«መምህር፣ ይፈሳል ወይ?»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከሄድሽ በኋላ በአምስተኛው ወር ቆመ። አሁን የኦኮይ ሚስት ፍየሏን ታስርበታለች። ጥሩ ማሰሪያ ነው፣ ብረቱ ጠንካራ ነው።»

ኦጆማ በአጥሩ ዳር መሄድ ጀመረች። «ለምን አልነገራችሁኝም? ስልኬ አልተቀየረም!»

«እንዴት ብለን?» መምህሩ የምር ተገረሙ። «አንቺ ከየትም ለምነሽ ስጦታ ሰጠሽን። ሪባን ቆረጥሽ፣ ስምሽ በእብነ በረድ ተጻፈ፣ ፎቶሽ ቢሮዬ ውስጥ ተሰቅሏል። ስጦታሽ ሞተ ብሎ ለሰጪው የሚናገር ማን ባለጌ ነው? ሽማግሌዎቹም ተነጋግረንበታል። ልጅቷን አናሳዝናት አልን።»

ለመጠገን አስበው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ያንቺ ስም ያለበትን ማን ይነካል አሏት። ከዚያ ከመቆሙ በፊት ውሃው ምን ይመስል እንደነበር ጠየቀች።

«ቀላ ያለ። ሴቶቹ ልብስ ሲያጥቡበት ነጩ ሁሉ ቡኒ ይሆናል። መጨረሻ ላይ የብረት ጣዕም መጣ። ከዚያ ወደ ምንጩ ተመለሱ።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ የጠመኔው ብናኝ እጇ ላይ እንዳለ ወደ ክፍል አልተመለሰችም። አውቃዋለች። ዝገት ነው። የመመረቂያ ጽሑፏ የተጻፈው በዚሁ ላይ ነበር፤ አሲድነት ያለው የጉድጓድ ውሃ ዚንክ የተለበጠ የብረት ቧንቧ እንዴት እንደሚበላ። በመንደሩም ውሃውን ተውሳ ባመጣችው መሣሪያ ለክታው አሲዳማ መሆኑን አይታ ነበር። ግን ተቋራጩ ያለው የብረት ቧንቧ ብቻ ነበር፤ ፕላስቲኩ ከካላባር ከተማ እስኪመጣ የሽልማት ኮሚቴው ጎብኝቶ ይሄዳል። የብረቱ ይግባ አለች። ሲቪዋ ላይ ጽሑፉ በመጀመሪያው ገጽ፣ ፓምፑ በሁለተኛው ተቀምጠዋል። ሁለቱን አስተያይቶ የሚያነብ ሰው ካለ ነገሩን ያገኘዋል።

ማታ ኡኔኩ ከስልክ መሸጫ ሱቋ ስትመለስ የተጠበሰ ሙዝና ዓሣ ይዛ ገባች፤ ኦጆማ ቆማ ነበር የበላችው።

«ሰውየው ይፈሳል እላለሁ ብሎሻል» አለች ኡኔኩ ነገሩን ከሰማች በኋላ። «ታዲያ ምን ቀረሽ? አስቆፈርሽላቸው። ጠጥተሽ ልታሳዪያቸው ነው ደግሞ?»

«ይደውላሉ።»

«ይደውሉ! እሱ ይፈሳል ይላል፣ እነሱ ጥሩ ይላሉ፣ አንቺ አውሮፕላን ትሳፈሪያለሽ። ዋሽተሽ አይደለም እኮ። ተክለሻል? ተክለሻል። ሸልመውሻል? ሸልመውሻል።»

«ኡኔኩ፣ ውሃ የለም።»

«ባሕር ማዶ ያለ ሰው ኦጎጃ ሄዶ የእጅ ፓምፕ ይነቀንቃል?»

ኦጆማ የዓሣውን አጥንት ለይታ ወደ ሳህኑ ጫፍ ገፋችው፣ መልሳ ወደ መሃል አመጣችው። ያስጨነቃት የሽማግሌዎቹ ጨዋነት ነበር። ስሟ የተጻፈበት ድንጋይ ፓምፑን ከጥገና ከልክሎታል፤ ሲቪው ላይ ያለው መስመርም ያው ድንጋይ መሰላት። የፓምፑ ዘንግ ሲወጣ ማን ይይዛል፣ ጎማው ሲያልቅ ማን ይገዛል የሚለውን በምረቃው ቀን ማንም አላነሳም፤ እሷም ጭምር።

ዓርብ በምሳ ሰዓት የኡኔኩ ሱቅ ጥግ ተቀምጣ፣ ኔትወርክ የተሻለ ስለሆነ፣ የመሪነትና የአገልግሎቱን ክፍል እንደገና ጻፈችው። ፓምፑ ወደ ሦስት መቶ ለሚሆኑ ሰዎች ተተከለ። ሽልማቱ በቦታው ቀረ። ከሥሩ ግን «ከሄድኩ በኋላ በአምስተኛው ወር ቆመ፤ አሲዳማ ውሃ የብረት ቧንቧውን ሳይበላው አልቀረም፤ የጥገና ኮሚቴ አልተቋቋመም» የሚል ጨመረች። የምርምር ፍላጎቷ ላይ የነበረውን ቅርጫት ደፍታ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አስቀመጠች፤ በአሲዳማ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ የእጅ ፓምፕ ቧንቧዎች ለምን ቶሎ እንደሚያልቁና መንደርተኛው ብልሽቱን ለምን እንደማይናገር።

ለዶክተሩ ላከችላቸው። ወዲያው ደወሉ።

«ምን ነካሽ? ለመሪነትና ለአገልግሎት ነጥብ ይሰጣሉ። ወድቋል ብለሽ ራስሽ ትጽፊያለሽ? እውነት እንዳትናገሪ አላልኩም፤ ሳይጠየቁ መናገርን ግን ማን አዘዘሽ?»

«ምስክሩ እኮ ይዋሹልኛል፣ ዶክተር። እኔ ነኝ የማስዋሻቸው።»

ዶክተሩ ተነፈሱ። «ደብዳቤዬ ሽልማቱን ይጠቅሳል። ልኬዋለሁ፣ አልለውጠውም።»

«ይሁን፣ ዶክተር።»

የማመልከቻው ማብቂያ የዚያኑ ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ገጹ ሁለት ጊዜ ተቋርጦባት በሦስተኛው ሄደ። ኡኔኩ ደንበኛዋን ትታ ከኋላዋ ቆማ ታይ ነበርና፣ «እንግዲህ በገዛ እጅሽ» አለችና ወደ ስልኮቿ ተመለሰች።

ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። በኮምፒውተር ነበር፤ ሦስት ሰዎች። ስለ ሽልማቱ አንድም ጥያቄ አልመጣም። ብዙውን ጊዜ የወሰደችው አንዲት ሸምገል ያለች ሴት ናት፤ ቧንቧው ወጥቶ ታይቷል ወይ፣ የዝገቱ ምክንያት አሲዱ ብቻ መሆኑን በምን አረጋገጥሽ አለቻት። ኦጆማ አላረጋገጥኩም፣ ከቀለሙና ከጣዕሙ ገምቼ ነው አለች። ሴትዮዋ ጻፈች። ምን እንደጻፈች አልታወቀም።

ውጤቱ በሰኔ መጣ፤ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ነሽ፣ ከተመረጡት አንዱ ቢቀር እንጠራሻለን። ዶክተሩ፣ «ያቺ መስመር ናት» አሉ። ኡኔኩ ደግሞ ያቺ መስመር ባትኖር ቃለ መጠይቅም አትደርስም ነበር ብላ ተከራከረችላት፤ ከዚህ በፊት ስትከራከርባት የነበረችው እሷው ናት። የትኛው እውነት እንደሆነ የሚነግራቸው የለም።

ኦጆማ ደብዳቤውን አንብባ ወጣች፤ እስከ ወንዙ ዳር ሄዳ ተመለሰች። ደጁ ላይ ሳትቀመጥ ስልኳን አውጥታ ውጤቱን ለመምህሩ ነገረቻቸው።

«መምህር ኦዴይ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እመጣለሁ። ፍየሏ ትፈታልኝ። የመንደሩን መካኒክ ጥሩልኝና ቧንቧውን እናወጣዋለን። ያንን እብነ በረድም ንቀሉት።»

«ምን አጠፋ?»

«ሰው እንዳይነካው እያደረገ ነው። ቧንቧው ሲወጣ አንድ ቁራጭ ለእኔ ቆርጣችሁ ታስቀምጡልኛላችሁ።»

«የበሰበሰ ብረት? ለምን ይሆንሻል?»

«ለማየት።»

መምህሩ ሳቁ። «እዚያ ትምህርት ቤት ሳይወስዱሽ ነው ደግሞ ትምህርት የጀመርሽው?» አሉና፣ ከልብስ ምን ይዛ መምጣት እንዳለባት ይነግሯት ጀመር፤ በነሐሴ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ከኦጎጃ ወዲህ ሞተር ሳይክል እንጂ መኪና አያልፍም።