ከሰንጠረዡ የወጣው ዚያራ

ጎረቤቴ በየዓመቱ ወደ ቡሬ ገጠር ስትወርድ የቤቷን ቁልፍ በአጥሩ በኩል ታቀብለኝ ነበር። አባቷ ይሄዱበት የነበረ የአንድ ወሊይ፣ የአላህ ወዳጅ የሚሉት ሰው፣ መቃብር አለ። እዚያ አድራ መንዙማ ሰምታ፣ ዱዓ አስደርጋ ትመለሳለች። ዚያራ ይሉታል። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን ሆነን ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጎን ለጎን አርጅተናል።

ልጄ ቡሬ ኮሌጅ ታስተምራለች። የዓለም ሃይማኖቶች መግቢያ የሚባል ትምህርት ደረሳትና ለመጀመሪያው ቀን ሰንጠረዥ ሠራች። ወደ ታች ክርስትና፣ እስልምና፣ የአይሁድ እምነት፣ ሂንዱ፣ ቡድሃ፤ ወደ ጎን መሥራች፣ መጽሐፍ፣ ዋና ትምህርት፣ በዓል። ከሥር አንዲት ጠባብ ረድፍ ተረፈቻት፤ «ባህላዊ እምነቶች» አለቻት። ትምህርቱ እንዳይደርቅ ብላ እኔን ለክርስትና፣ ጎረቤቴን ለእስልምና ጋበዘችን።

«እኔ ምን አውቄ? ሼህ ጥሪ እንጂ» አለቻት ጎረቤቴ።

«እትዬ፣ የሚኖሩትን ብቻ ይንገሩን።»

«የምኖረውንማ እናትሽም ታውቀዋለች። ሽሮዬን ስትጨርስ አይደል የኖረች!»

የጎረቤቴ የመጨረሻ ልጅ እዚያው ክፍል ተማሪ ነበር። እናቱ ስትመጣ ደስ ያለው መስሎኝ ነበር።

የምንለውን ልጄ ሰሌዳው ላይ በየረድፋችን ትጽፍ ነበር። እኔ ስለ ጾምና ግሽ ዓባይ ሄጄ ስለተጠመቅሁት ጸበል ተናገርሁ። ማንም ምንም አላለኝም። ጎረቤቴ ተነሥታ ስለ ዚያራው ስታወራ ድምፅዋ ሞቅ አለ፤ የገጠሩ ክርስቲያን ጎረቤትም ስለት እንደሚያስገባ ስትናገር ተማሪዎቹ ፈገግ አሉ። ያን ጊዜ ልጇ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ይሄ እስልምና አይደለም። ባህል ነው። ከሞተ ሰው ምንም አይለመንም።»

«እንግዲያ አባቴ ምን ነበሩ?» አለች። ጮክ ብላ አልነበረም።

ልጄ ወደ ሰሌዳው ዞረች። «ልክ ነው፣ በመሠረቱ ይሄ የአካባቢ ልማድ ነው» አለችና «ዚያራ» የሚለውን ከእስልምናው ረድፍ አጥፍታ ከታች፣ በጠባቧ ረድፍ ጻፈችው። የእኔ ጸበል ግን ከክርስትናው አልተነቃነቀም። በየትኛው መጽሐፍ አለ ብሎ የጠየቀኝም አልነበረም።

በሚኒባስ ስንመለስ ጎረቤቴ ከመስኮቱ ዓይኗን ሳታነሣ፣ «ልጅሽ ጽሕፈቷ ያምራል» አለችኝ።

ልጄ ነገሩን በማግስቱ እሑድ አነሣችው።

«ፈረድሁባቸው እኮ» አለች። «በሙስሊሞች መካከል ስንት ዘመን የቆየ ክርክር ነው። ከዚያራ ወገን ያሉትም ሐዲስ ይጠቅሳሉ፣ የሚቃወሙትም ይጠቅሳሉ። እኔ ዳኛ አይደለሁም። ሰንጠረዡ ግን ዳኛ አደረገኝ።»

እንዲህ ያለውን ሰንጠረዥ መጀመሪያ ማን እንደሠራው ጠየቅኋት። የአውሮፓ ሊቃውንት ናቸው አለች። ሃይማኖት ምን እንደሆነ የለኩት በራሳቸው ክርስትና ነበር፤ መሥራች ያለው፣ መጽሐፍ ያለው፣ የተጻፈ ትምህርት ያለው። ያንን ያልመሰለ ሁሉ ወደ ታችኛው ረድፍ ወረደ። ከየረድፉ ውስጥም መጽሐፍ የያዘው ዋና፣ ቀሪው ቅጥያ ተባለ።

«እናቴ ቅባት፣ አባቴ ተዋሕዶ ነበሩ፤ ሁለቱም ክርስቲያን፣ ትምህርታቸው ግን ለየቅል» አልኋት። «በአንድ ረድፍ ስትጽፊያቸው የማንን ትምህርት ልትጽፊ ነው?»

ወረቀቷን ሳበች።

ለሚቀጥለው ክፍል ትምህርቱን እንደገና ሠራችው። ሰንጠረዡን አልጣለችውም፤ ተማሪዎቹ የትም ያገኙታልና። መጀመሪያ ግን ማን እንደሠራው፣ ለምን እንደሠራውና ማን ከውጭ እንደቀረ ታስጠይቃቸዋለች። «እስልምና እንዲህ ይላል» የሚል ሲመጣ ታስቆማለች፤ የሚለው ሰው ነው፤ የትኞቹ ሙስሊሞች፣ የት፣ መቼ ትላለች። የእናቲቱንና የልጇን ክርክር ስም ሳትጠራ ጎን ለጎን ታስቀምጠዋለች፤ ልጁንም አታጣጥልም፣ የእሱም ወገን ከክርክሩ አንዱ ነውና። አንድን ሰው ለሃይማኖቱ ሁሉ ተጠሪ አድርጋ መጋበዝም ተወች። እንግዳ ቢመጣ ስለ ራሱ ኑሮ ብቻ ነው።

ልጄ ይህን ልትነግራት ስትሄድ ጎረቤቴ መራዊ፣ ወደ ትልቋ ልጇ ሄዳ ነበር። በስልክ ነገረቻት። እኔም አጠገቧ ሆኜ እሰማ ነበር።

«ጥሩ አድርገሻል ልጄ» አለቻት። ወዲያው ስለ ቆጋ መስኖ ሽንኩርት አነሣች፤ ዘንድሮ ርካሽ ነው፣ እናትሽ ትፈልግ እንደሆነ እልካለሁ።

ስልኩን ተቀብዬ፣ «ለዚያራው መቼ ትመጫለሽ?» አልኋት።

«ልጁ ካልወደደው ይቅር እቴ» አለች። «አሮጊትን መንገድ ምን ያንገላታታል።»

ከመራዊ ተመለሰች። የዚያራው ሰሞን መጥቶ አለፈ። ጠዋት ጠዋት ወደ አጥሩ እየወጣሁ ቆምሁ። ቁልፉን ያቀበለኝ የለም።